ናፍጣና ማር፦ በአንድ አይሱዙ ስንት በርሜል?

ጅማ ላይ በርሜል ሲጫን ብዙ ሰው የሚያየው ቦታውን ነው። የበርሜሉ ውስጥ ስፋት 57፣ ቁመቱ 85 ሳንቲሜትር ቢሆን 3.14 × 28.5 × 28.5 × 85 ወደ 217 ሊትር ይመጣል። መተንፈሻ ትተን 200 እንሙላ።

ናፍጣ ከሆነ ከነበርሜሉ 186 ኪሎ ነው። ማር ግን 298! ሊትሩ 1.4 ኪሎ ይመዝናላ።

መኪናችን 50 ኩንታል የተፈቀደለት፣ ካሶኒው 4.3 በ2 ሜትር ይሁን። በርሜሉ ከውጭ 60 ሳንቲሜትር ስለሚይዝ ሦስት በሰባት፣ 21 ይቆማል። ናፍጣው 21ዱም ይሄዳል፤ ገና 39 ኩንታል ነው፣ የሚያግደው ወለሉ ብቻ። ማሩ 16 ላይ ያበቃል። የአምስት በርሜል ቦታ ባዶ ሲታይ ታዲያ «አንድ ጣል አርግበት» ይመጣል። 17ኛው ሲወጣ 5066 ኪሎ ሆነ፣ አለፈ። 21ዱን ከሞሉትማ 12 ኩንታል ተኩል ትርፍ ነው፤ የተጋደመው ባሌስትራ ራሱ ያሳብቃል።