የሚሚን መጽሐፍ ለሣለችልኝ እህቴ ምስጋና፣ ሰዓሊ ለምትፈልጉም ጥቆማ

ሰላም የጅማ ሰዎች። እዚሁ ከተማችን ውስጥ የኬጂ አስተማሪ ነኝ። ይህን የምጽፈው የልጆች መጽሐፌን ሥዕሎች ሠርታ ላስረከበችኝ ሰዓሊ ምስጋናዬን በአደባባይ ለማድረስ ነው። ተረት ጽፋችሁ ሰዓሊ ያጣችሁ ካላችሁም ጥቆማ ይሁናችሁ።

ታሪኩ አጭር ነው። እናት ቡና አቅርባ ልጇን ሚሚን «ጎረቤት ጥሪ» ብላ ትልካታለች። ሚሚ አቦሉ ሳያልፍባቸው ለሁሉም ለማዳረስ ከቤት ቤት ትሮጣለች።

ከዚህ በፊት ሌላ ሰው ጋር አሠርቼ ነበር። ያለ ውል፣ ሙሉ ክፍያ አስቀድሜ ሰጥቼ። በመጡት ሥዕሎች ላይ ሚሚ አንዱ ገጽ ላይ የአምስት ዓመት ልጅ ናት፣ ሌላው ላይ አሥር ይሆናታል። ሹሩባዋም ይቀያየራል። አንዷ ተማሪዬ ገጹን ገልጣ «ቲቸር፣ ይቺ ደግሞ ማን ናት?» አለችኝ። ልቤ ተሰበረ፣ ነገሩን ተውኩት።

ስለዚህ ወደዚህች ሰዓሊ የሄድኩት እየፈራሁ ነው። የመጀመሪያው ቀን እርሳስ እንኳ አላነሳችም። «ቲቸር፣ መጀመሪያ ብሪፉን እንጻፍ» አለች። ብሪፍ የምትለው አሠሪዋ የምትፈልገውን ሁሉ ከሥዕሉ በፊት በጽሑፍ የምታስቀምጥበትን ወረቀት ነው። ከዚያ ጥያቄው ተከታተለ። ሚሚ ቁመቷ እናቷ ወገብ ላይ ይደርሳል ወይስ ደረቷ ላይ? ጫማዋ ምን ዓይነት ነው? ከጎረቤቶቹ እነማን ሻሽ ያስራሉ? ወሩስ ነሐሴ ነው ወይስ ኅዳር?

ወሩን አስቤው አላውቅም ነበር። ነሐሴ ከሆነ መንገዱ ጭቃ ነው፣ በየበሩ ጫማ ይወልቃል። ኅዳር ከሆነ በየግቢው ቀይ ቡና ተሰጥቶ ይደርቃል፣ ሚሚም እንዳትረግጠው እየዘለለች ታልፋለች። ኅዳር አልኩ። መጽሐፉ ውስጥ አሁን ልጆቹ በጣም የሚወዱት ያ ዝላይ ነው፤ እኔ ግን በጽሑፌ ውስጥ አንድም ቃል አልጻፍኩለትም።

ብሪፉ ሁለት ገጽ ሆነ። ቀጥላ ሚሚን ብቻ በአንድ ወረቀት ላይ ሣለቻት፤ ከፊት፣ ከጎን፣ ከኋላ፣ ስትስቅ፣ ስትደነግጥ፣ ስታኮርፍ። አይቼ ፈረምኩበት። ከዚያ በኋላ በየገጹ ያለችው ሚሚ ከዚያ ወረቀት ጋር እየተያየች ስለተሣለች ፊቷ አልተቀየረም።

የተማርኩበት ትልቁ ነገር ግን የገጾቹ አቀማመጥ ነው። ስድስት ኤፎር ወረቀት ደርባ ከመሐል አጠፈችና 24 ገጽ ያላት ትንሽ ደብተር ሠራች። ዳሚ ይሏታል። ገጽ 1 የርዕስ ገጽ፣ ገጽ 2 የኅትመት መረጃ፣ ገጽ 3 የታሪኩ መክፈቻ። ከ4 እስከ 23 ያሉት አሥር ጥንድ ገጾች ናቸው፣ ማለትም መጽሐፉ ሲገለጥ ግራና ቀኙ እንደ አንድ ሥዕል የሚታይባቸው። ገጽ 24 ብቻውን ይቀራል፤ እዚያ ላይ የታጠቡ ሲኒዎች አሉ።

በዳሚዋ ላይ ታሪኬን ስናነብ አንድ ችግር ታየ። ሚሚ በር የምታንኳኳው በግራ ገጽ ላይ ነበር፣ በሩን የሚከፍተው ሰው ደግሞ እዚያው ቀኙ ላይ ይታያል። ልጁ ሳይጠይቅ መልሱን አየ ማለት ነው። እሷ ማንኳኳቱን ወደ ቀኝ ገጽ አዞረችው። አሁን «ማነው?» የሚለው ድምፅ ቀኝ ገጽ ላይ ያልቃል፣ ማን እንደሆነ ለማወቅ ገጹን መግለጥ ግድ ነው። ክፍል ውስጥ ሳነበው ልጆቹ «ግለጪው! ግለጪው!» እያሉ ይጮኹብኛል።

ሌላው ነገር እጥፋቱ ነው። ጎረቤቶቹ ሁሉ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ቡና የሚጠጡበትን ሰፊ ሥዕል ገጽ 18 እና 19 ላይ አስቤው ነበር። መሐል ላይ ያሉት እማማ ፊታቸው በትክክል እጥፋቱ ላይ ዋለ። «በሽቦ የሚሰፋ መጽሐፍ ላይ ግራና ቀኙ በአንድ ወረቀት ላይ የሚታተሙት መሐለኛው ላይ ብቻ ነው» አለችኝ። በኛው መጽሐፍ 12 እና 13 ማለት ነው። የቀሩት ጥንዶች ሁለት የተለያየ ወረቀት ስለሆኑ ሲታጠፉ ትንሽ ከፍና ዝቅ ሊሉ ይችላሉ። መስመር ከሆነ ዓይን ይሸከመዋል፤ ፊት ከሆነ ግን ይጣመማል። ስለዚህ እማማን ወደ ግራ ወሰደቻቸው፣ እጥፋቱ ላይ የቡናው ጭስ ብቻ ቀረ።

መጽሐፉ 20 በ20 ሴንቲሜትር ነው። እሷ ግን እያንዳንዱን ጥንድ ገጽ 40.6 በ20.6 አድርጋ ነው የሠራችው። ዙሪያውን ያለው 3 ሚሊሜትር ሲቆረጥ የሚወድቅ ነው። ካልተተወለት ማሽኑ ትንሽ ሲስት ጠርዙ ላይ ነጭ መስመር ይወጣል።

ጽሑፉን ሥዕሉ ላይ አልጻፈችውም፣ ለብቻው ነው የተቀመጠው። መጽሐፉ በአፋን ኦሮሞም እንዲወጣ ስለምፈልግ ነው። በቁቤ ሲጻፍ ከአማርኛው ይረዝማልና በየገጹ ከሚያስፈልገኝ ሲሶ ያህል ሰፋ ያለ ባዶ ቦታ ተወችልኝ። የሱቁ ታፔላ ላይ ያለው ጽሑፍ እንኳ እንዲቀየር ሆኖ ነው የተሠራው።

የመብቱ ጉዳይ ላይ ሐቀኝነቷን አየሁ። በአገራችን የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት በትዕዛዝ የተሠራ ሥራ፣ በውል ሌላ ነገር ካልተስማሙ በቀር፣ የገንዘብ ጥቅሙ መብት ለአዛዡ ነው። እኔ ይህን አላውቅም ነበር። የነገረችኝ እሷው ናት፣ ሕጉ ለእኔ የሚያደላ ሆኖ ሳለ። ከዚያ ሁለት ዋጋ አቀረበችልኝ፤ መብቱን ሙሉ በሙሉ ከገዛሁ ይህን ያህል፣ ለዚህ መጽሐፍ ብቻ ከተፈቀደልኝ ግን ከግማሹ ትንሽ ከፍ የሚል።

ሁለተኛውን መረጥኩ። ውላችን ላይ ሥዕሎቹን በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ ኅትመት እንዲሁም መጽሐፉን ለማስተዋወቅ ለአሥር ዓመት እጠቀማለሁ ተብሎ ተጻፈ። ሚሚን ቲሸርት ወይም ሲኒ ላይ ላትም ብል አዲስ ስምምነት ያስፈልጋል። ኦሪጅናሉ የእሷ ነው። ስሟ ሽፋኑ ላይ ከስሜ ጋር ይወጣል፣ ሥዕሉን ሳላስፈቅድ አልቆርጥም፣ ቀለሙንም አልቀይርም። ይህ የመጨረሻው፣ መብቱን ሙሉ በሙሉ ብገዛው ኖሮም ሰዓሊ በመሆኗ የሚጠበቅላት የሞራል መብት ነው። ገጸ ባሕርያችሁን ወደ ካርቱን ፊልም የመለወጥ ሐሳብ ያላችሁ ግን ሙሉውን መግዛት ይሻላችኋል፤ በኋላ ድርድሩ ይከብዳል።

ክፍያው በሦስት ተከፈለ፤ 30 በመቶ ሲጀመር፣ 30 በመቶ የእርሳሱ ንድፍ ሲያልቅ፣ 40 በመቶ ፋይሉ ሲረከብ። በእርሳስ እያለ ሁለት ዙር ማስተካከያ ያለ ተጨማሪ ክፍያ ነው። ቀለም ከገባ በኋላ ግን ያስከፍላል። አንዴ ቀለም ከተቀባ በኋላ የእናትየውን ነጠላ ጥለት ቀይሪልኝ ብያት ከፍያለሁ፣ ተገቢም ነበር።

ሥራው አምስት ወር ፈጅቷል። የሚቸኩል ሰው ይህን አስቀድሞ ይወቅ። ስልኳን በአደባባይ እንዳላወጣ ስለነገረችኝ የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ አገናኛችኋለሁ። ስትሄዱ ጽሑፋችሁን ጨርሳችሁ ሂዱ፤ ባላለቀ ታሪክ ላይ ሥራ አትጀምርም።

እህቴ፣ እጅሽ ይባረክ። የአፋን ኦሮሞው ትርጉም ሲያልቅ ዳሚዋን ይዤ እመጣለሁ፣ ቡናው እኔ ጋ ነው።