ከኬኤምኤል ወደ ሼፕፋይል ወይስ ወደ ጂኦጄሰን?

በጎግል ኧርዝ የቀበሌ ወሰን፣ መንገድና የውኃ ነጥብ አንድ ላይ ሥለን በኬኤምኤል ያስቀመጥነውን ካርታ ወደ ሼፕፋይል ስንለውጥ፣ ወሰኑ፣ መንገዱና ነጥቡ ለየብቻ ይቀመጣሉ፤ ጂኦጄሰን ግን ሦስቱንም በአንድ ፋይል ይይዛል።

ለአማርኛ መረጃ የሚብሰው ችግር ሌላ ነው። የሼፕፋይል የዓምድ ስም ከ10 ባይት አይበልጥም፤ በ`UTF-8` አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ስለሚወስድም «የቀበሌ_ስም» የሚለው ርእስ «የቀበ» ላይ ይቆረጣል። ጽሑፉ በየትኛው የፊደል ኮድ እንደተቀመጠ የሚገልጸው የ`.cpg` ፋይል በቅጂ ጊዜ ከተረሳ ደግሞ የቀበሌዎቹ ስም ራሱ ትርጉም የለሽ ምልክት ሆኖ ሊከፈት ይችላል። ጂኦጄሰን ይህ ገደብ ስለሌለበት፣ ተቀባዩ ሼፕፋይል ካላስገደደ በቀር እርሱን እመርጣለሁ።

ቀለሙ ግን በሁለቱም ይጠፋል፤ ስለዚህ ከመለወጥ በፊት የቀለሙን ኮድ በራሱ ዓምድ መመዝገብ ያስፈልጋል። ኬኤምኤል ከግልጽነት ቀጥሎ ሰማያዊን ስለሚያስቀድም፣ `ff0000ff` ሰማያዊ ሳይሆን ቀይ ነው።