ደብረ ብርሃን ያላችሁ እናቶች፣ ይችን ሲስተር ፈልጓት

እግዚአብሔር ይስጣት፣ ሌላ ምን እላለሁ። ሚሚዬ ዛሬ እርጎዋን ጨርሳ «ደሞ! ደሞ!» ስትል ነው ይህን ልጽፍ የተነሳሁት።

ልጄ አንድ ዓመት ከ8 ወሯ ነው። ጉሮሮዋን ሲያማት ምግብ ብቻ አይደለም፣ ውኃም ወተትም እምቢ አለች። ጡጦውን ስታይ አፏን በእጇ ትሸፍናለች። መጀመሪያ የወሰድናት ቦታ፣ ስሙ ይቅር፣ አፏን እንኳ ከፍቶ ያየ ሰው የለም። «ቶንሲል ነው» ብለው የአንቲባዮቲክ መርፌ ጻፉልን፣ በቃ። «ምንም አትጠጣም እኮ» ስላቸው «ሲጠማት ትጠጣለች» አሉኝ። አሁንም ሳስበው ያንገበግበኛል። ሰፈር ስመለስ ደግሞ አንዷ ጎረቤት «እንጥሏ ወርዶ ነው፣ የሚቆርጡ ሴትዮ አሉ» ትለኛለች። ለደግ ብላ ነው፣ ግን ኧረ በፈጠራችሁ! ማን እንደነካው በማይታወቅ ምላጭ የሕፃን ጉሮሮ ይነካል? ደም ሊፈስ ይችላል፣ ኢንፌክሽን ሊገባ ይችላል።

ከዚያ ጤና ጣቢያ ሄድን፣ ከ5 ዓመት በታች የሚታዩበት ክፍል። ሲስተሯ ከትኩሳቱ በፊት የጠየቀችኝ «መጨረሻ ሽንት የሸናችው መቼ ነው?» ብላ ነው። ሌሊት የቀየርኩላት ዳይፐር ረፋዱ ላይም ደረቅ ነበር። ሚሚን ጭኔ ላይ እንዳለች ከንፈሯንና ምላሷን ነካ ነካ አደረገች፣ ስታለቅስ እንባ መኖሩን አየች፣ የሆዷን ቆዳ ቆንጠጥ አድርጋ ለቀቀች። ወዲያው ተመለሰ። «ጎሽ፣ ውኃ አንሷታል እንጂ ገና አልከፋም። ቆዳው ቀስ ብሎ ቢመለስ፣ ዓይኗ ቢጎደጉድ፣ ብትፈዝብሽ ኖሮ ቀጥታ ሆስፒታል ነበር የምልክሽ» አለችኝ። ከዚያ በባትሪ ጉሮሮዋን አየች። ከበስተኋላ ትንንሽ ቁስሎች አሉ። ቫይረስ ነው፣ አንቲባዮቲክ አይሠራለትም አለችን። ትልልቅ ልጆች ግን ጉሮሯቸውን ሲያማቸው በባክቴሪያም ሊሆን ስለሚችል፣ እሱ ሳይታከም ቢቀር ልብ ሊጎዳ ስለሚችል፣ መታየት አለባቸው።

አሁን ያችን ደግነቷን ልንገራችሁ። ወረፋው እስከ በር ነው፣ እሷ ግን «ነይ እናቷ፣ እዚህ ጥግ ተቀመጪ፣ አሳይሻለሁ» አለችኝ። መጀመሪያ ፓራሲታሞል ሰጠቻት። ሚሚ 10 ኪሎ ናት፣ ስለዚህ 120 ሚሊግራም በ5 ሚሊ ከሚለው ሽሮፕ 5 ሚሊ፣ በየ6 ሰዓቱ፣ በቀን ከ4 ጊዜ አይበልጥም። የእናንተን ልጅ በኪሎው አስለኩለት፣ ሽሮፑም የተለያየ ነው። ለግማሽ ሰዓት ጠበቅን። የማይጠጡት ሲውጡ ስለሚያማቸው ነው፣ ሕመሙ ሳይበርድ ብታስገድጃት አፏን የባሰ ትዘጋለች አለችኝ።

ከዚያ መርፌ የሌለው ሲሪንጅ አመጣች። ኦአርኤሱን፣ አንዱን ፓኬት በአንድ ሊትር ንጹሕ ውኃ፣ በጠበጠች። ቀዝቀዝ ያለ ነው። 5 ሚሊ ብቻ፣ በጉንጯ በኩል፣ ቀስ ብላ። ወደ ጉሮሮዋ አትርጪ፣ ትን ይላታል አለች። ሁለት ደቂቃ ቆይታ ደግሞ 5 ሚሊ። እኔ «ይሄ ምን ይሆናታል?» አልኳት። «ቁጠሪው» አለችኝ እየሳቀች። በሰዓት 150 ሚሊ ይሆናል፣ ሁለት ሲኒ ቡና ማለት ነው! ጡጦ ሙሉ ብናቀርብላት አንድም አትጎነጭም ነበር። ሚሚ መጀመሪያ ተፋች፣ ከዚያ ዋጠች፣ በኋላ ሲሪንጁን ራሷ ያዘች። ከሰዓት በኋላ ዳይፐሯ ከበድ ሲል እኔ ነኝ ያለቀስኩት።

ቤት ስንሄድ የነገረችኝ ቀላል ነው። ጥቂት ቀን ባትበላ አትጨነቂ፣ ፈሳሹን ብቻ ያዢ። ጡት የሚጠባ ይጥባ። ቀዝቃዛ እርጎ፣ ወተት፣ የቀዘቀዘ አጥሚት ይሆናል። ብርቱካን፣ ሎሚና በርበሬ የነካው ነገር ያቃጥላታል። ፓኬቱን በግምት ከፍለሽ አትበጥብጪ፣ የተበጠበጠውም 24 ሰዓት ካለፈው ይደፋ። ለ6 ሰዓት ያህል ካልሸናች ተጠንቀቂ፣ ሳትሸና 8 ሰዓት ከሞላት በሌሊትም ቢሆን ነይ። ምራቋን መዋጥ አቅቷት ከተዝረበረበ፣ ስትተነፍስ ድምፅ ካሰማች፣ አንገቷ ከደረቀ ወይም ምንም ቢሰጧት ካስመለሰችው ወረፋ አትጠብቂ፣ ሆስፒታል ሩጪ።

ስሟን እዚህ አልጽፍም፣ ራሷ አትፈልግም። የትኛው ጤና ጣቢያ እንደሆነ በውስጥ መስመር ጠይቁኝ፣ ለሁላችሁም እመልሳለሁ። ጠዋት በጊዜ ሂዱ፣ ጋቢም ያዙ፣ የመጠበቂያው ቦታ ብርዱ አይቻልም። ልጅ ያላችሁ ሂዱ ብያችኋለሁ፣ ሂዱ!