«16 ነው» ብሎ 15½ ሸጠልኝ፤ የታሸገ ሸሚዝ ስትገዙ ተጠንቀቁ

ገና ሆዴ እየነደደ ነው የምጽፈው። ቅዳሜ የወንድሜ ሚዜ ነኝ። ትናንት ነጭ ሸሚዝ ልገዛ መርካቶ ሄድኩ። ሻጩን ታውቁታላችሁ፤ ገና ከበር «ና ወንድሜ፣ ያንተ ልክ አለ» የሚለው ዓይነት ነው።

ልኬን አውቃለሁ። አንገቴ 16 ኢንች ነው፤ በሴንቲሜትር 41 የሚባለው። እጄ ረጅም ስለሆነ ደግሞ እጅጌው 34/35 ካልሆነ አይደርሰኝም። ይህንኑ ነገርኩት። ወዲያው አንድ የታሸገ አወረደ። ላስቲኩ ላይ የተለጠፈው ወረቀት 16፣ 34/35 ይላል።

«ልክፈተውና ልለካው?» ስለው ፊቱ ተቀየረ። «ስፒሉ ከወጣ በኋላ ማን ይገዛኛል? ቁጥሩ ተጽፏል እኮ፤ ማንበብ ትችላለህ አይደል?» አለኝ። ከዚያ ከነካርቶኑ ኮሌታውን አንገቴ ላይ አስጠጋና ወደ መስታወቱ አዞረኝ። «አየህ? ላንተ የተሰፋ ነው የሚመስለው።» እንዲህ ከፊት ተደግፎ ለማን አይሆንም? ይህን እያወቅኩ ዝም አልኩ። ሌሎች ገዢዎች ቆመው ሲያዩኝ መከራከር አፈርኩ። 3,200 ብር ቆጥሬ ሰጠሁት።

ማታ ስፒሎቹን አንድ በአንድ ነቅዬ ለበስኩት። የላይኛው ቁልፍ ከቀዳዳው አልገናኝ አለ። በግድ ስቆልፈው ምራቄን መዋጥ አቃተኝ። እጄን ስዘረጋ እጅጌው ወደ ላይ ሸሽቶ ሰዓቴ ከነማሰሪያው ወጣ። አውልቄ ኮሌታው ውስጥ የተሰፋውን ምልክት አየሁት፦ 15½፣ 32/33። ላስቲኩን አንስቼ ወረቀቱን በጥፍሬ ስልጠው ከስሩ ሌላ ወረቀት አለ። እሱም 15½ ይላል። አውቆ ነው የለጠፈው!

ዛሬ ጠዋት ይዤው ተመለስኩ። «የተከፈተ አንመልስም። አንገትህ ከወፈረ እኔ ምን ላድርግህ?» አለ። ረዳቱ ሳቀ። «ቁልፉን ክፍት ትተህ ክራቫት እሰርበት፤ ማን ያየዋል?» አለኝ ጨምሮ። ሁሉም ሰው ያየዋላ! ኮሌታው ካልተዘጋ ክራቫቱ ወደ ታች እየተንሸራተተ ክፍተቱን ያጋልጠዋል። ልብስ ሰፊ ጋም ወሰድኩት። ቁልፉን ትንሽ ገፋ አድርጎ መትከል ይቻላል፤ እጅጌ ግን ያጥራል እንጂ አይረዝምም፣ ትርፍ ጨርቅ የለውም አለኝ።

የላስቲኩን ወረቀት አትመኑ፤ ኮሌታው ውስጥ የተሰፋውን አንብቡ። ሜትር ያዙ። ኮሌታውን ዘርግታችሁ ከቁልፉ መሃል እስከ ቀዳዳው ለኩ። እጅጌውን ከትከሻ ሳይሆን ከአንገት ጀርባ መሃል ጀምራችሁ፣ በትከሻ አሳልፋችሁ እስከ እጅጌው ጫፍ ለኩ። አልከፍትም ካለ ብራችሁን ይዛችሁ ውጡ።