ማርኬት ኦርደር ወይስ ሊሚት ኦርደር? አክሲዮን ስትገዙ የምትከፍሉት ዋጋ የሚለየው እዚህ ላይ ነው

አሜሪካ ውስጥ በስልካችሁ አክሲዮን ስትገዙ የትዕዛዙን ዓይነት የምትመርጡበት ቦታ አለ። ብዙ ሰው ሳያየው ያልፈዋል፤ አብዛኛው አፕ ማርኬት ኦርደር ብሎ ሞልቶ ስለሚጠብቅ።

ማርኬት ኦርደር «አሁኑኑ ግዛልኝ፣ በተገኘው ዋጋ» ማለት ነው። ሊሚት ኦርደር ደግሞ «ከዚህ በላይ አልከፍልም፣ ካልተገኘ ይቅር» ነው።

ስክሪኑ ላይ ጎልቶ የሚታየው ዋጋ አብዛኛውን ጊዜ የመጨረሻው ግብይት የተፈጸመበት ነው። እናንተ የምትገዙት ግን ሻጮች አሁን በሚጠይቁት ዋጋ፣ ማለትም በአስክ ነው። በዚያ ዋጋ የቀረበው አክሲዮን ደግሞ ጥቂት ሊሆን ይችላል።

ብዙ ገበያተኛ የሌለው የአንድ ትንሽ ኩባንያ 400 አክሲዮን ፈለጋችሁ እንበል። አንዱ ሻጭ 100 አክሲዮን በ12.40 ዶላር አቅርቧል። ሁለተኛው 150 በ12.55፣ ሦስተኛው 250 በ12.90። ማርኬት ኦርደር የመጀመሪያውን ይጨርስና ወደ ሁለተኛው፣ ከዚያም ወደ ሦስተኛው ይወጣል። ጠቅላላው 5,057.50 ዶላር ይሆናል። ሁሉንም በ12.40 አገኛለሁ ብላችሁ ከሆነ 97.50 ዶላር በላይ ከፍላችኋል። ማንም አላጭበረበራችሁም፤ ትዕዛዛችሁ ራሱ ነው ዋጋውን እየገፋ የወጣው።

ያንኑ በ12.55 ሊሚት ብታዙ 250 አክሲዮን በአማካይ 12.49 ይገባላችኋል። የቀረው 150 ሻጭ እስኪመጣ ይጠብቃል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፦ ሊሚቱን 12.55 ስላሉ ሁሉንም በ12.55 የሚገዙ ይመስላቸዋል። አይደለም፤ የመጀመሪያዎቹ 100 በ12.40 ነው የሚገቡት። ሊሚት ጣሪያ ነው።

ሊሚትም የራሱ ዋጋ አለው። የቀረውን 150 ስትጠብቁ አክሲዮኑ 13.20 ቢገባ ያ 150 ሳይገዛላችሁ ይቀራል። ያ ቀን ያበሳጫል፣ እውነት ነው። እኔ ግን ያላሰብኩትን ከምከፍል ባይገዛልኝ እመርጣለሁ።

ሌሊት የሚያዝ ማርኬት ኦርደር ከሁሉም ያሰጋኛል። ከሥራ ገብታችሁ ማታ ታዛላችሁ፣ ትዕዛዙ ጠዋት ገበያው እስኪከፈት ይጠብቃል። ሌሊት ላይ ስለ ኩባንያው ጥሩ ወሬ ከወጣ፣ ማታ 12.40 ያያችሁት በ14 ሊከፈት ይችላል። ማርኬት ኦርደር በ14ም ይገዛል። ሊሚት ቢሆን አይነካውም።

በየሰከንዱ የሚሸጥ የሚገዛ ትልቅ ኩባንያ፣ ገበያ ክፍት ሳለ፣ አሥር አክሲዮን ከሆነ ግን ማርኬት ኦርደር ችግር የለውም። በገዢና በሻጭ መካከል ያለው ልዩነት ብዙ ጊዜ አንድ ሁለት ሳንቲም ነው። ከማዘዛችሁ በፊት ቢድን፣ ማለትም ገዢዎች አሁን የሚያቀርቡትን ዋጋ፣ እና አስክን አንድ ጊዜ እዩ። ቢዱ 12.10፣ አስኩ 12.40 ከሆነ ልዩነቱ 30 ሳንቲም ነው፤ እንዲህ ካያችሁ ሊሚት አስገቡ።