የሳይት ስልክ፦ ጠንካራው ወይስ ተራው ከነከቨሩ?

አዘዞ ሳይት ላይ ስልክ የሚገድለው መውደቅ ብቻ አይደለም። ሲሚንቶም አለ። ብናኙ ቻርጅ መሰኪያው ውስጥ ይገባል፣ ላብ ወይም ካፊያ ሲያገኘው ይደርቃል። ገመዱ እስከ መጨረሻው አልገባ ካለ፣ ወይም ካልያዙት ቻርጅ ካላደረገ፣ መጀመሪያ እሱን ጠርጥሩ። ተራው ስልኬ የሞተው እንዲሁ ነው። ከቨሩ ስንቴ ከመሰበር አድኖታል፤ ቀዳዳውን ግን አይሸፍንም።

ጠንካራው እዚህ ላይ ይበልጣል። አይፒ68 ሲባል 6ቱ አቧራ ፈጽሞ አያስገባም ማለት ነው፣ 8ቱ ደግሞ አምራቹ በገለጸው ጥልቀትና ሰዓት ውሃ ውስጥ ይቆያል ማለት ነው። ግን ብዙዎቹ መሰኪያውን የሚዘጉት በጎማ ክዳን ነው። ክዳኑ ከላላ ወይም ከተቀደደ አይፒ68 ወረቀት ላይ ቀረ። እኔ ጠዋት ጠዋት በጥፍሬ ጫን አደርገዋለሁ።

ስለ መውደቅ የሚወራው «ወታደራዊ ደረጃ» ብዙውን ጊዜ ከ1.22 ሜትር ገደማ መጣልን ነው የሚለካው፤ ከኪስ ከፍታ ብዙም አይርቅም። ከሁለተኛ ፎቅ ሶሌታ ፌሮ ላይ ቢወድቅ ማንም ቃል አልገባላችሁም።

ክብደቱስ? የኔው 400 ግራም ይጠጋል፣ ተራው 200 አይሞላም። ሱሪ ያወርዳል! ባትሪው 10,000 ሚሊአምፒር ሰዓት ስለሆነ ሁለት ቀን ይዞኛል፣ መብራት ለሚጠፋበት ሳይት ደግሞ ትልቅ ነገር ነው።

ስክሪኑ ከተሰበረ ግን ጉድ ነው። ፒያሳ ያለው ጠጋኝ የተራውን በዕለቱ ቀየረልኝ፤ የጠንካራውን ሳሳየው «ዕቃው የለም» ብሎ መለሰልኝ።

ቢሮ ለሚውል ፎርማን ተራው ይበቃዋል። ቤቶኔራ አጠገብ ለሚቆም ግን ጠንካራውን እመርጥለታለሁ።