የእህል ሽያጭ ገንዘብዎን በሰው የሞባይል ሂሳብ አይቀበሉ

በሸዋ ሮቢት፣ በአጣዬና በደብረ ሲና ገበያ እህልና ሽንኩርት ለምትሸጡ ሁሉ ይህን የምጽፈው፣ ታላቅ ወንድሜ በማሾ ሽያጭ የደረሰበት ነገር በሌላ ሰው እንዳይደገም በማሰብ ነው። ወንድሜ ማሾውን በ46 ሺህ ብር ከሸጠ በኋላ፣ ገዢው ክፍያውን በስልክ እንደሚልክለት ነገረው። የወንድሜ የሞባይል ሂሳብ ግን ከ20 ሺህ ብር በላይ አይይዝም ነበር። ይህን ጊዜ አገናኙ ደላላ «ቀሪው በእኔ ስልክ ይግባና አውጥቼ እሰጥሃለሁ» አለው፤ ወንድሜም ሰውየውን ለዓመታት ስለሚያውቀው ተስማማ።

የሞባይል ገንዘብ ሂሳብ እንደ ባንክ ሂሳብ የፈለጉትን ያህል የሚያጠራቅሙበት አይደለም። ብሔራዊ ባንክ በ2012 ዓ.ም. ያወጣው መመሪያ ሂሳቦቹን እንደ ምዝገባቸው በሦስት ደረጃ ከፍሎ የ5 ሺህ፣ የ20 ሺህና የ30 ሺህ ብር ጣሪያ አስቀምጦላቸው ነበር። እንዲህ ያለው ጣሪያ የሚሻሻል ስለሆነ ዛሬ የእርስዎ ሂሳብ ስንት እንደሚይዝና በቀን ስንት እንደሚያስተላልፍ ከመሸጥዎ በፊት ይጠይቁ። መታወቂያ ይዘው ምዝገባዎን ቢያሟሉ ደረጃው ከፍ ሊልልዎ ይችላል። ከጣሪያው የሚተርፈው ግን መግባት ያለበት በራስዎ ስም ወደተከፈተ የባንክ ሂሳብ እንጂ ወደ ሌላ ሰው ስልክ አይደለም።

በደላላው ስልክ የገባው 26 ሺህ ብር ነበር። ሰውየው ቀደም ሲል በስልኩ ብድር ወስዶ የመክፈያው ቀን አልፎበት ስለነበር፣ ገንዘቡ ገና እንደገባ ሲስተሙ 4,300 ብር ለዕዳው ቆረጠ። ሲስተሙ የሚያውቀው የሂሳቡን ባለቤት ብቻ ስለሆነ ብሩ የማሾ ዋጋ ይሁን የደላላው የግል ገንዘብ ሊለይ አይችልም። ወንድሜ አቤት ለማለት ቢሄድም የገባው በሌላ ሰው ስም ስለነበረ የሚያሳየው ማስረጃ አልነበረውም። ሲም ካርድ ቢጠፋ ወይም የምስጢር ቁጥር ተሳስቶ ሂሳቡ ቢዘጋም እንዲሁ ነው፤ መስመሩ የተመዘገበለት ሰው መታወቂያውን ይዞ ካልቀረበ አይከፈትም። በልጅዎ ወይም በጎረቤትዎ ስም የወጣ ሲም የምትጠቀሙ ሰዎች ይህን ልብ በሉ።

በራሱ ስልክ የገባውን 20 ሺህ ብር ደግሞ ወንድሜ ከታኅሣሥ እስከ ሰኔ ሳይነካው አቆየው። የሞባይል ገንዘብ ድርጅቱ የደንበኞቹን ገንዘብ በአንድነት በባንክ በአደራ ያስቀምጣል፤ ለብቻው ባለ የቁጠባ አገልግሎት ካልተመዘገቡ በቀር እንዲሁ ለተቀመጠ ብር ወለድ አይታሰብም። በባንክ ቁጠባ ግን ከ2010 ዓ.ም. ጀምሮ ዝቅተኛው ወለድ በዓመት 7 በመቶ ስለነበረ፣ ያው 20 ሺህ ብር በስድስት ወር 700 ብር ገደማ ይወልድ ነበር። ባንክ ችግር ቢገጥመው እንኳ የተቀማጭ መድን ፈንድ ለአንድ አስቀማጭ በአንድ ባንክ ላለው ገንዘብ እስከ 100 ሺህ ብር ዋስትና ይሰጣል። መስመሩ ረጅም ጊዜ ሳይሠራ ከቆየ ቁጥሩ ተዘግቶ ለሌላ ሰው ሊሰጥ እንደሚችልም አይዘንጉ፤ የደብተር ሂሳብ ከስልክ ቁጥር ጋር አብሮ አይጠፋም።

ሰኔ ላይ ማዳበሪያ ሊገዛ ሲያወጣ ወኪሉ «በአንድ ጊዜ አይወጣም» ብሎ አምስት አምስት ሺህ አድርጎ በአራት ጊዜ አወጣለት። የማውጫ ክፍያ የሚሰላው በየወጣው ገንዘብ እርከን ስለሆነ መከፋፈሉ ክፍያውን ያበዛል፤ ለወኪሉም ኮሚሽን የሚታሰበው በየዝውውሩ ነው። በዚህ ላይ በየጊዜው 20 ብር በእጁ ተቀበለው። ትክክለኛው ክፍያ ከሂሳቡ ራሱ ተቆርጦ በሚደርስዎ አጭር መልእክት ላይ ይጻፋል። በመልእክቱ ላይ የሌለ ብር በእጅ ሲጠየቁ አይክፈሉ፤ ሌላ ወኪል ዘንድ ይሂዱ። በተከፈተበት ቅርንጫፍ ከደብተር ማውጣት አብዛኛውን ጊዜ ክፍያ የለውም፤ እርግጥ ነው፣ «ሲስተም የለም» ተብሎ ግማሽ ቀን መቆም አለ፤ እኔም ቆሜ አውቃለሁ።

የሞባይል ገንዘብን ተዉት አልልም። የመብራት ሂሳብ ለመክፈልና ለተማሪ ልጅ ጥቂት ብር ለመላክ ከእሱ የሚሻል የለም። የምርት ሽያጭ ግን ሌላ ነው። ገዢው በስልክ እልካለሁ ሲል የባንክ ሂሳብ ቁጥርዎን በወረቀት ጽፈው ይስጡት። ልኬያለሁ ሲልዎትም የደረሰዎትን መልእክት ብቻ አይመኑ፤ የሐሰት መልእክት ይላካልና ቀሪ ሂሳብዎን ራስዎ ከፍተው ሳያዩ ጆንያውን አያስጭኑ።

ደላላው 21,700 ብሩን በአምስተኛው ቀን ሰጠው። ከ4,300ው 2,500 ብር ለፋሲካ የከፈለው ሲሆን፣ ቀሪው 1,800 ብር እስከ ዛሬ አልተመለሰም።